ፆታ በስድስተኛው ዓምድ

ለማስተርስ መመረቂያ ሰዎች ለፊሺንግ፣ ማለትም በሐሰተኛ ኢሜይልና ድረ ገጽ የይለፍ ቃልን ለመሳሰለ ምስጢር ስርቆት፣ ስላላቸው ተጋላጭነት የሚጽፉ ተማሪዎች ምዕራፍ ሁለትን፣ ማለትም የቀደሙ ጥናቶች ክለሳውን፣ የሚያዋቅሩበት መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የፊሺንግ ትርጉም ይመጣል፣ ከዚያ ዓይነቶቹ ይዘረዘራሉ፣ ቀጥሎም «ዕድሜ»፣ «ፆታ»፣ «የትምህርት ደረጃ»፣ «ባሕርይ» የሚሉ ንዑስ ርዕሶች ተደርድረው በየሥራቸው «እገሌና ሌሎች እንዲህ አገኙ» የሚሉ አንቀጾች ይከተላሉ። አብራኝ በአንድ ባንክ የመረጃ ደኅንነት ክፍል የምትሠራው ባልደረባዬ ረቂቋን ስታመጣልኝም ይህንኑ ይዛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ በኩል ተባባሪ አማካሪዋ ነበርኩ።

«ፆታ» በሚለው ርዕስ ሥር ሦስት ጥናቶች ተቀምጠዋል። ዳሚጃ፣ ታይጋርና ኸርስት እ.ኤ.አ. በ2006 በሠሩት ጥናት ፆታ ከመታለል ጋር ግንኙነት አልታየበትም። ጃጋቲክና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሴቶች ይበልጥ ተታልለዋል። ሼንግና ባልደረቦቹም በ2010 ሴቶች ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው አግኝተዋቸዋል። አንቀጹ የሚዘጋው «ስለዚህ ውጤቶቹ የሚጣረሱ በመሆናቸው ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር በስንት መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ መገመት አያዳግትም።

«ጋሼ፣ ሁለት ለአንድ ስለሆነ ሴቶች ይታለላሉ ብዬ ልደምድም ወይስ ልተወው?» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ሁለቱንም እንደማትወድ ይነበብ ነበር።

እኔም ጥናቶቹ ምን እንዳገኙ ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ምን እንደለኩ ብቻ እንድንመዘግብ ጠየቅኋት። ዌብስተርና ዋትሰን በ2002 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ፣ ክለሳ በደራሲ ሳይሆን በጽንሰ ሐሳብ መዋቀር እንዳለበትና ለዚህም ጥናቶቹን በረድፍ፣ ጽንሰ ሐሳቦቹን በዓምድ የያዘ ሠንጠረዥ እንደሚረዳ ያስተምራሉ። ነገር ግን በዚህ ርዕስ ላይ ዓምዶቹን «ዕድሜ» እና «ፆታ» ካደረጓቸው ችግሩ አይፈታም፤ የሚጣረሱትን ውጤቶች ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ያለፈ ነገር አይገኝም። ስለዚህ ኤክሴል ላይ ስድስት ዓምድ አወጣን፦ ተሳታፊው ምን እንዲሠራ ተጠየቀ፣ የሚጠናው ፊሺንግ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ፣ «ተታለለ» የተባለው ምን ሲያደርግ ነው፣ መቶኛው ከስንት ሰው ነው የተሰላው፣ እውነተኛ መልእክትም ቀርቦለት ነበር ወይ፣ በመጨረሻም ስለ ዕድሜና ፆታ ምን ተገኘ።

ሦስቱ ጥናቶች ወደ ሠንጠረዡ ሲገቡ እርስ በርስ መጣረሳቸው ቀረና የተለያየ ነገር መለካታቸው ታየ። የዳሚጃ ጥናት 22 ሰዎችን አስቀምጦ 20 ድረ ገጾችን አሳይቶ ሐሰተኛውን እንዲለዩ ጠየቀ፤ ሰዎቹ ሐሰተኛ ገጽ እየፈለጉ መሆናቸውን ያውቃሉ፣ ቁጥራቸውም አነስተኛ ስለሆነ የፆታ ልዩነት ቢኖር እንኳ በዚያ መጠን አይታይም። የሼንግ ጥናት 1001 ሰዎችን በኢንተርኔት አሳትፎ የሌላ ሰው ሚና ወስደው የዚያን ሰው ኢሜይሎች እንዲያስተናግዱ አደረገ፤ በዚህ ውስጥ ማንም የራሱን የይለፍ ቃል አላስያዘም። ደግሞም ደራሲዎቹ ራሳቸው የፆታው ልዩነት በከፊል በቴክኒክ ዕውቀትና ሥልጠና ልዩነት እንደሚብራራ ጽፈዋል፤ ይህን ግን ጠቅሰው የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው። ጃጋቲክና ባልደረቦቹ ግን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ላሉ ተማሪዎች ሳያሳውቁ ኢሜይል ላኩ፤ የቆጠሩትም እውነተኛ የይለፍ ቃሉን ያስገባውን ነው።

ባልደረባዬ በዚህ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ኢሜይሉ ከጓደኛ የመጣ ሲመስል 72 በመቶ ተታለሉ፤ ላኪው የማይታወቅ የዩኒቨርሲቲው ሰው ሲሆን ግን 16 በመቶ ብቻ። ከጓደኛ መጣ የተባለው ኢሜይል ከደረሳቸው መካከል ከሴቶቹ 77፣ ከወንዶቹ 65 በመቶ ተታለሉ። «እንዴ! የፆታው ልዩነት 12 ነጥብ ነው፣ የላኪው ልዩነት 56። ታዲያ ሁሉም ስለ 12ቱ የሚጽፉት ለምንድን ነው?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ ጥያቄው ራሱ የምዕራፉ አከርካሪ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ምዕራፉ በሁለተኛው ዓምድ ተዋቀረ፦ የሚያውቁ ተሳታፊዎች፣ ሚና የሚጫወቱ ተሳታፊዎች፣ የማያውቁ ተቀባዮች። ይህ ክፍፍል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ፓርሰንስና ባልደረቦቿ በ2013 ለከፊሎቹ ተሳታፊዎቻቸው ጥናቱ ስለ ፊሺንግ መሆኑን ነግረው ከቀሪዎቹ ሲደብቁ፣ የተነገራቸው ይበልጥ መለየት ችለዋል። ማሳወቅ ብቻውን ውጤት የሚለውጥ ከሆነ የሚያውቁትንና የማያውቁትን በአንድ ርዕስ ሥር መቀላቀል ተገቢ አይሆንም። አወቃቀሩ ግን ሁሉንም አልሰበሰበም። እንደ ቪሽዋናት የ2011 ሥራ ያሉ፣ ሰው መልእክትን እንዴት ትኩረት ሰጥቶ እንደሚመዝን የሚያብራሩ ጽሑፎች የትኛውም ክፍል ውስጥ አልገጠሙም፤ እነሱን የትምህርት ክፍሉ ቅርጽ በግድ በሚጠይቀው «የንድፈ ሐሳብ ክለሳ» ውስጥ አሳረፍናቸው። ያ ርዕስ ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው።

አራተኛው ዓምድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ለ1000 ሰው ኢሜይል ተልኮ 400 ከፍተውት፣ 80 ሊንኩን ተጭነው፣ 20 የይለፍ ቃል አስገብተው እንበል። ያው አንድ ውጤት ከተላከላቸው ሲሰላ 8 በመቶ የተጫኑ፣ ከከፈቱት ሲሰላ 20 በመቶ የተጫኑ፣ የይለፍ ቃል ብቻ ሲቆጠር 2 በመቶ የተታለሉ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ባልደረባዬ በዚህ ዓምድ ላይ የማይገለጽ ነገር ሲያጋጥማት «አልተገለጸም» ብላ ትሞላ ነበር። እንዲህ ከተሞሉት ረድፎች አንዱ በአገር ውስጥ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ሲሆን፣ የጽሑፉ ባለቤት በዲፌንሱ ዕለት ፈታኝ ሆነው ከፊታችን ተቀመጡ።

ፈታኙ ምዕራፍ ሁለትን ገልጠው ለረጅም ጊዜ አገላበጡና «ፆታና ዕድሜ የታሉ? ይህ እኮ በዘርፉ ዋናው ጉዳይ ነው» አሉ።

«ስድስተኛው ዓምድ ላይ ናቸው፣ ዶክተር።»

«ዓምድ ርዕስ አይደለም።»

«ልክ ነው፣ ዶክተር። ግን ከፈቀዱልኝ፣ በእርስዎ ጽሑፍ ላይ 31ኛው ረድፍ፣ አራተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖብኝ ነበር። መቶኛው የተሰላው ከተላከላቸው ነው ወይስ ከከፈቱት?»

እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «ጽሑፉ ላይ አለ» አሉ። እሷም ጽሑፉን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ በአክብሮት አቀረበችላቸው። ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት እንጂ አልከፈቱትም፤ ሰብሳቢው ወደ ምዕራፍ ሦስት እንድንሻገር ጠየቁ።

ከማሻሻያዎቹ ዝርዝር የመጀመሪያው «ስለ ፆታና ዕድሜ ራሱን የቻለ ንዑስ ርዕስ ይጨመር» የሚል ነበር፤ ስለ አራተኛው ዓምድ የተጻፈ ነገር አልነበረም። እሷም አንድ ገጽ ያህል ጨመረች፣ 12ቱንና 56ቱን ነጥብ በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀመጠች፣ «አልተገለጸም» የሚለውንም እንዳለ ተወችው። ጽሑፉ ተፈረመበት።

ዘንድሮ ሌላ ባልደረባችን በዚሁ ርዕስ ሊጽፍ ሠንጠረዡን ተውሶኛል። ምዕራፉን በአለካክ እንዲያዋቅር በደንብ አስረዳሁትና በመጨረሻ ላይ «ፆታና ዕድሜ የሚል ንዑስ ርዕስ ግን ከወዲሁ አስገባ» አልኩት።