ቃሉን ያጠፈው ባለሱቅ፦ ለአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች የጻፍኩት ታሪክ

ሐዋሳ ውስጥ የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ፕሮሚሰሪ ኢስቶፔል የሰውን ቃል አምኖ የተጎዳን ሰው የሚጠብቅ መርህ ነው፤ ቃል የገባው ሰው በምላሹ ምንም ባይቀበልም ቃሉን እንዳያጥፍ ይከለክለዋል። ትርጉሙን ብቻ ስነግራቸው ይሸመድዱታል። ጥያቄ ሲመጣ ግን ማንኛውም የውል ጥሰት ላይ ይለጥፉታል። ስለዚህ አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩላቸው።

ጋሽ ታደሰ አቶቴ አካባቢ ሱቅ አላቸው። ቡና ሻጯን ሰናይትን "ልጄ፣ ከመስከረም ጀምሮ በረንዳዬን አንድ ዓመት በነጻ ሥሪበት" ይሏታል። "በነጻ" ያልኩት አስቤበት ነው። እንግሊዝና አሜሪካ በሚከተሉት የኮመን ሎው የሕግ ሥርዓት ቃል እንደ ውል የሚጸናው በምላሹ የሚሰጥ ነገር ሲኖር ነው፤ ኮንሲደሬሽን የሚባለው ይህ ነው። ሰናይት ትንሽ ኪራይ እንኳ ለመክፈል ብትስማማ ጉዳዩ ተራ ውል ይሆናል፤ መርሁም አያስፈልግም።

በጣም የደከምኩበት ትዕይንት የአናጺው ነው። አናጺው በረንዳውን ሲለካ ጋሽ ታደሰ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብለው "በሩን እንዳይጋርድብኝ፣ ወደ ግራ ጠጋ አድርገው" ይላሉ። በቃ፣ ልጅቷ ቃላቸውን አምና ገንዘብ እያወጣች መሆኑን ማወቃቸው ታየ። ለጣውላና ለሸራ 7,000፣ ለበርጩማ 5,000 ብር አወጣች።

መስከረም ሲጠባ ሌላ ሰው በወር 4,000 ብር ሊከራይ መጣ። ጋሽ ታደሰ ቃላቸውን አጠፉ። ስትጠይቃቸው "ለመሆኑ ምን ከፍለሽኝ ነው?" አሏት። ይህ የኮንሲደሬሽን ክርክር ነው። መርሁ ይህን መልስ ከአፋቸው ይነጥቃል፤ ቃሉ ግልጽ ነበር፣ እሷም ብታምነው አይፈረድባትም፣ በማመኗም ተጎዳች።

ተማሪዎቼ ወዲያው የዓመቱን ኪራይ 48,000 ብር ሊፈርዱላት ይቸኩላሉ። እዚህ ላይ ረጋ እንላለን። ዳኛው ካሳውን ፍትሕ በሚጠይቀው ልክ ሊወስነው ይችላል። በርጩማዎቹን ሌላ ቦታ ትሠራባቸዋለች። ለዚያ በረንዳ ተለክቶ የተቆረጠው ጣውላና ሸራ ግን ከሰረ፤ ስለዚህ 7,000 ብር ሚዛናዊ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሆፍማን እና በሬድ አውል መደብሮች ክርክር ላይ የተመለከተው እንዲህ ያለውን ቃል አምኖ የወጣ ወጪ ነበር።

ታሪኩ የሐዋሳ ቢሆንም ዳኛው በአሜሪካ ሕግ እንደሚፈርድ መግቢያው ላይ ጽፌያለሁ። ይህ የግድ ነበር። የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 ለውል መጽናት ኮንሲደሬሽንን አይጠይቅም፤ ስለዚህ የጋሽ ታደሰ መከራከሪያ ገና ከመነሻው ሌላ መልክ ይይዛል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 በኮምብ ጉዳይ ከተሰጠው ፍርድ ወዲህ መርሁ ጋሻ እንጂ ሰይፍ አይደለም። ሰናይት በእሱ ብቻ ከሳሽ ልትሆን አትችልም።

ታሪኩን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ለውጬ እጠይቃቸዋለሁ፦ የጣውላው ደረሰኝ ቀን ጋሽ ታደሰ ቃል ከገቡበት ቀን ቢቀድምስ?