ሦስት ኤ ያገኘው ሁለተኛ ብድር

እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዛ አበሻ “80/20” የሚባለውን ብድር ሳያስታውሰው አይቀርም። ዳውን ፔይመንት ከሌለህ የቤቱን ዋጋ 80 በመቶ በአንደኛው ብድር፣ ቀሪውን 20 በሁለተኛው ትገዛለህ። ኪስህን ሳትነካ ባለቤት ሆንክ ማለት ነው። ያንን ሁለተኛ ብድር መጨረሻ ላይ ማን እንደሚሸከመው ግን ማንም አይጠይቅም ነበር። ሰሞኑን ስለ አንድ ቦንድ ሳነብ ነው የገባኝ።

ጎልድማን ሳክስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. 8,274 ሁለተኛ ብድሮችን ሰብስቦ 494 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አድርጎ ሸጣቸው። ስሙ ጂሳምፕ ትረስት 2006-ኤስ3 ይባላል። ተበዳሪዎቹ በቤታቸው ላይ የነበራቸው የራሳቸው ድርሻ በአማካይ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከግማሽ የሚበልጡት ብድሮች የተሰጡት የገቢ ማስረጃ በወጉ ሳይቀርብ ነው። አበዳሪው ምን ቸገረው? ብድሩን ሸጦ ገንዘቡን ተቀብሏል።

ቦንዱን በእርከን ከፋፈሉት። ወርሃዊ ክፍያው ሲገባ ቅድሚያ የላይኛው እርከን ነው፤ ኪሳራ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚመታው የታችኛው ነው። ታችኞቹ ተበልተው ሳያልቁ ላይኛው አይነካም ተባለና የቦንድን አስተማማኝነት የሚመዝኑት ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ለ68 በመቶው ሦስት ኤ ሰጡት። ከዚህ በላይ ደረጃ የለም።

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። አንዱ ሥራ ቢያጣ፣ ሌላው ቢታመም፣ የቀሩት ሺዎች ይከፍላሉ። የሚፈርሰው የቤት ዋጋ በየከተማው አንድ ላይ ሲወርድ ነው። ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። ቤቱ 300 ሺህ ዶላር፣ አንደኛው ብድር 240 ሺህ፣ ሁለተኛው 60 ሺህ ነው እንበል። ተበዳሪው መክፈል አቆመ፤ ዋጋውም በ10 በመቶ ወርዶ ቤቱ በ270 ሺህ ተሸጠ። አንደኛው አበዳሪ 240ውን ሙሉ ያነሳል። ለሁለተኛው 30 ሺህ ተረፈ፤ የጠበቃና የሽያጭ ወጪ ሲነሳ ደግሞ ያነሰ። ዋጋው በ20 በመቶ ቢወርድ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይቀራል። መያዣ የሚሉት ነገር የወረቀት ጌጥ ነበር ማለት ነው።

በ2007 መጸው ከእነዚያ ብድሮች ከስድስቱ አንዱ ተበላሽቶ ነበር። ከሥር ያሉት እርከኖች ገንዘብ ተበላ።

እኔን ያናደደኝ ሌላው ነገር ነው። ለደረጃ አውጪው ድርጅት የሚከፍለው ቦንዱን የሚሸጠው ባንክ ነው፤ አንዱ ደረጃ አልሰጥም ካለ ባንኩ ወደ ሌላው ይሄዳል። በሐምሌ 2007 ደረጃ አውጪዎቹ ሙዲስና ኤስ ኤንድ ፒ በመቶ የሚቆጠሩ የቤት ብድር ቦንዶችን ደረጃ ባንድ ጊዜ ዝቅ አደረጉ። የገዙት የጡረታ ፈንዶችና ባንኮች ግን ገንዘባቸውን ቀድመው አስገብተዋል። ሻጩ ይከፍላል የሚለው አሠራር ዛሬም በአብዛኛው እንዳለ ነው።