በየደቂቃ ተኩሉ አንድ የሻይ ማንኪያ

ልጄ 14 ወር ሲሞላት ተቅማጥና ትውከት አንድ ላይ ያዛት። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ስለማውቀው አልደነገጥኩም። መበጥበጡ ቀላል ነው፤ አንድ ሙሉ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 24 ሰዓት ያለፈውን መድፋት። ለሌላ መጠን የተሠራ ፓኬትም ስላለ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በትንሽ ውኃ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበታልና ሕፃኑን ይጎዳል።

እኔን የጣለኝ አሰጣጡ ነው። ፓኬቱን የሰጠችኝ ነርስ «በደንብ አጠጫት» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። እንዴት እንደሚጠጣ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ በሁለታችንም እበሳጫለሁ።

ማታ ልጄ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ 100 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን ሳትተነፍስ ጨለጠችው። ደስ አለኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ጭኔ ላይ ተመለሰ። እንደገና ሰጠኋት፤ እንደገና አስመለሰች። ሦስተኛው ሲወጣ «ሆዷ ትንሽ ይረፍ» ብዬ ሁሉንም አቆምኩ፣ ጡት ሳይቀር። እስከ ንጋት ምንም አልቀመሰችም። ያንን ሌሊት ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም። እንደዚያ ተስገብግባ መጠጣቷ ራሱ ሰውነቷ ፈሳሽ እያጣ መሆኑን ይናገር ነበር፤ እኔ ግን የምግብ ፍላጎቷ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

ሲነጋ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ስታለቅስ እንባ የለም፣ ማታ የቀየርኩላት ዳይፐር ደረቅ ነው። ትነጫነጫለች እንጂ አልደነዘዘችም። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት። ጤነኛ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል፤ የእሷ ግን ለአፍታ እንደ እጥፋት ቆሞ ዘግየት ብሎ ተመለሰ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ቢቆይ ኖሮ ፈሳሹን በደም ሥር መስጠት ግድ ይሆን እንደነበር ነገሩኝ።

ሚዛን ላይ 10 ኪሎ ሆነች። ለአንድ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው 750፣ በአራት ሰዓት ውስጥ። ኩባያውን ከእጄ ነጥቀው የሻይ ማንኪያ ሰጡኝና «ሰዓት እያየሽ፣ ልጄ» አሉኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 750ው ወደ 150 ማንኪያ ይመጣል፤ በ240 ደቂቃ ሲከፋፈል በየደቂቃ ተኩሉ ገደማ አንድ ማንኪያ ማለት ነው። ትንሽ ትንሹ ሆድ ሳይወጠር ወደ ታች ያልፋል። በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ጊዜ አስመለሰች። አሥር አሥር ደቂቃ ጠብቀን ቀስ ብለን ቀጠልን፤ ከጠጣችውም የተወሰነው ቀድሞ ያለፈ ስለሆነ ሁሉም ባክኗል ማለት አይደለም። ወረቀት ላይ ጭረት እየጫርኩ ቆጠርኩ። 138ኛው ላይ ማንኪያውን በእጇ ገፋችው፤ ዳይፐሯም ረጥቦ ነበር።

የተቅማጥ ሕክምና መመሪያው «ልጁ የፈለገውን ያህል ስጡ» ይላል። ለተቅማጥ ብቻ ከሆነ ይሁን። የሚያስመልስ ልጅ ላይ ግን አልስማማም፤ ሲጠማው ኩባያ ከሰጡት ትውከቱን ያስነሳዋል። ልጅቷ ኩባያውን ፈልጋ ብትጮህም ማንኪያው ላይ መጽናት ነው።

ጡት በማስመለስ መካከልም መቋረጥ አልነበረበትም። ምግቡን ከአራቱ ሰዓት በኋላ የምትወደውን ለስላሳ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ጀመርኩላት። ከዚያም ክብደቷ እስኪመለስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ሰጠኋት። ዘመድ ጣፋጭ ጭማቂ ሲያመጣ መለስኩት፤ የበዛ ስኳር ውኃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ዚንክም በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ታዞላታል። በአራተኛው ቀን ተቅማጡ ሲቆም ልተወው ነበር፤ ነርሷ ስለተቆጡኝ ጨረስኩት።

ማንኪያው የማይበቃበት ጊዜ አለ። ልጅ ደንዝዞ ወይም ለመንቃት አስቸግሮ ከተኛ፣ መጠጣት ካቃተው፣ በማንኪያ የተሰጠውንም ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ሰዓት መቁጠሩን ትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ መንገድ ላይም መዋጥ እስከቻለ ድረስ ማንኪያውን አታቁሙ።