ድምፁ ጠፋ፣ ምቱ ግን ቀረ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ፣ የጥምቀት እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች አስገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው «ጓ!» እያለ በመዶሻ የሚመታ ያህል ይጮህ ጀመር። ከላይ የተኙት እንግዶች ሌሊት እየነቁ አማረሩ። መጀመሪያ የተጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዝ የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ አገኘና ስድስት ክሊፕ መታበት። ድምፁ ቀጥ አለ፤ ሒሳቡም ተከፈለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአንደኛው ማሽን ፍሌክሲብል ቱቦ ሌሊት ፈንድቶ ክፍሉ በውሃ ተጥለቀለቀ።

ክሊፕ መምታቱ ስህተት አልነበረም፤ መጀመሪያም መታሰር የነበረበት ቧንቧ ነው። ስህተቱ ሥራው እዚያ ላይ መቆሙ ነው። ቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ክብደት አለው። ቫልቭ በድንገት ሲዘጋበት የሚሄድበት ስለሚያጣ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ያ ግፊት በብረት ቧንቧ ውስጥ በሴኮንድ 1,300 ሜትር ያህል እየተጓዘ ይመለሳል። ቧንቧው ልል ከሆነ ግድግዳውን ይደበድባል፣ እኛም እንሰማዋለን። ከታሰረ ድምፁ ይጠፋል፤ ግፊቱ ግን እንዳለ ሆኖ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ቤት ደካማው ቦታ ፍሌክሲብሉ ሆነ።

ከፍንዳታው በኋላ ምርመራው የተጀመረው ቁልፍ በመያዝ ሳይሆን በመጠየቅ ነው። ልብስ አጣቢዋ ሁሉንም ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው፦ «ጋሼ፣ ውሃ እየሞላች እያለ ዝም ትላለች፤ መሙላቷን ስታቆም ነበር የሚጮኸው።» ቫልቭ ሲዘጋ አንድ ጊዜ «ጓ» ብሎ የሚቆም ድምፅ የውሃ ምት ነው። ቧንቧ ግማሽ ሲከፈት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የላላ ጎሚኒ ነው። ሙቅ ውሃ ከተከፈተ በኋላ «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ቀስ በቀስ የሚጠፋው ደግሞ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ የሚያሰማው ነው። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ባለቤቱ ጥፋቱን ፓምፑ ላይ ጥለው ሊቀይሩት አስበው ነበር። ይህን ማጣራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፓምፑ ብሬከር ተዘግቶ፣ ማሽኑ ፕሬዠር ታንኩ ውስጥ፣ ማለትም ፓምፑ ውሃን ከታፈነ አየር ጋር በግፊት በሚያጠራቅምበት ጋን ውስጥ፣ በቀረው ውሃ ብቻ እንዲሞላ ተደረገ። መሙላቱን ሲያቆም ቧንቧውን በእጅ የያዘ ሰው ንዝረቱን እንደ ኤሌክትሪክ ንክኪ ተሰማው። ፓምፑ ሳይሠራ ምቱ ካለ፣ ፓምፑም ሆነ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቼክ ቫልቭ ነፃ ናቸው።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ተለካ። ማሽኑ ጨርሶ ውሃው ከወጣለት በኋላ ባዶውን 50 ሴኮንድ እንዲሞላ ተደረገና ያስገባው ውሃ በባልዲ ሲለካ 10 ሊትር ሆነ። ይህ በሴኮንድ 0.2 ሊትር ነው። የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ውሃው በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ይሮጣል ማለት ነው። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም 13 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። ፓምፑ 4 ባር ላይ ነው የሚቆመው። ሁለቱ ሲደመሩ 17 ባር ይሆናሉ፤ የፈነዳው ፍሌክሲብል ላይ የተጻፈው ግን 10 ባር ነበር። ተራ የግፊት መለኪያ ጌጅ ይህን በትክክል አያሳይም፤ ምቱ ከመርፌው ይቀድማልና። መርፌው ብድግ ካለ፣ እውነተኛው ግፊት መርፌው ካሳየው በላይ እንደሆነ ቁጠሩት።

«ፕሬዠር ታንክ እያለ ለምን አልዋጠውም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ታንኩ ከማሽኑ 22 ሜትር ርቆ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። የግፊቱ ሞገድ ታንኩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ 0.034 ሴኮንድ ይፈጃል። የማሽኑ የኤሌክትሪክ ቫልቭ የሚዘጋውም በዚያው ልክ ባለ ቅጽበት ስለሆነ፣ እርዳታው የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ታንኩ ታየ፤ ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ከወጣ በኋላ የአየር መሙያው ተጫነ። ከዚያ ቀዳዳ ውሃ ከመጣ የውስጡ ጎማ ተቀዷል። እዚህ ደህና ነበር፤ 1.8 ባር አየር ነበረው፣ ፓምፑ 2 ባር ላይ ለሚነሣ ቤት ልኩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ የፓምፑን ግፊት ዝቅ ማድረግ ነበር፤ ግን አልተደረገም። ላይኛው ፎቅ ያለው ሻወር ከፓምፑ 10 ሜትር ከፍ ይላል፣ ይህ ብቻውን 1 ባር ይበላል። መነሻው ወደ 1.4 ባር ቢወርድ ላይኞቹ እንግዶች የሚንጠባጠብ ውሃ ነው የሚደርሳቸው። ስለዚህ የተነካው የማሽኑ መስመር ብቻ ነው። ወደ ማሽኑ የሚገባውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው አንግል ቫልቭ ቀስ በቀስ እየጠበበ 10 ሊትር ለመሙላት 80 ሴኮንድ እንዲፈጅ ተደረገ። ፍጥነቱ ወደ 0.6 ሜትር ወረደ፣ ተጨማሪው ግፊትም ወደ 8 ባር። ከዚህ በላይ ማጥበብ አያዋጣም፤ ማሽኑ ውሃ ዘገየ ብሎ ሥራውን ያቆማል።

8 ባርም ቢሆን በ4 ባር ላይ ሲደመር ከ10 ያልፋል። የማሽኑን ቫልቭ ራሱን ቀስ ብለህ ዝጋ ማለት አይቻልም። ቀሪውን የሚውጠው አሬስተር ነው፤ ውስጡ ፒስተንና የታፈነ ጋዝ ያለው አጭር ቱቦ። ቦታው ወሳኝ ነው፦ ከማሽኑ አጠገብ፣ በአንግል ቫልቩና በፍሌክሲብሉ መካከል ይገባል፤ ከሁለት ሜትር በላይ ከራቀ የታንኩ ችግር ይደገማል። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ ተገጠመ፣ ፍሌክሲብሎቹም በአዲስ ተተኩ። አሬስተር ከታጣ ብዙዎች 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ ቀጥ አድርገው በቲ ያቆማሉ። እሱም ይሠራል፤ ግን ውስጡ ያለው አየር ቀስ በቀስ በውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ወራት ሲያልፉ ቧንቧው በውሃ ይሞላና ምቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ መስመሩን ዘግቶ ውሃውን ጨርሶ ማፍሰስና አየር ማስገባት ይፈልጋል፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ አይገኝም።

መወልወያ ውሃ የሚቀዳበት እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር ቦል ቫልቭም ነበር። እንዲህ ያለው ቫልቭ ውሃውን የሚያቆመው በዙሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ እጅ የቸኮለ መስሎ ባይታይም ይመታል። እየተጠመዘዘ በሚዘጋ ቫልቭ ተተካ።

ክሊፖቹ እንደገና ታዩ። ለግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ አግድም በየ1.8 ሜትር፣ ቀጥታ ወደ ላይ ሲሄድ በየ2.4 ሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን ምቱ የሚያርፈው ቧንቧው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ስለሆነ ከክርኑ 30 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ አንድ መኖር አለበት። ከስድስቱ ክሊፖች አንዱም ክርን አጠገብ አልነበረም። ሁለቱ ደግሞ ብሎኬቱ ባዶ ቦታ ላይ የተመቱ ስለነበሩ ፊሸራቸው በጣት ሲሳብ ወጣ። ጎማ ያላቸው ክሊፖች ብሎኬቱ ድፍን በሆነበት ቦታ ተመቱ።

መጨረሻ ላይ ሆን ተብሎ የአንደኛው ማሽን መስመር ሁለት ክሊፖች ተፈቱና ቧንቧው እንደ መጀመሪያው ልል ሆነ። ማሽኑ ሞልቶ ሲዘጋ ልብስ አጣቢዋ መዳፏን ቧንቧው ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ምንም አልተሰማትም። ከዚያ በኋላ ነው ክሊፖቹ ተመልሰው የጠበቁት።