«ወዴት ትሄዳለህ?»

አንድ የቻይና ሥራ ተቋራጭ በሚሠራው የመንገድ ፕሮጀክት ላይ በቀያሽነት በተቀጠርሁበት ወቅት፣ ቻይናዊው ፎርማናችን ጧት ጧት በካምፑ በር ላይ ሲያገኘኝ «ወዴት ትሄዳለህ?» ይለኝ ነበር። ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመለኪያ መሣሪያ ከነማቆሚያው ተሸክሞ የወጣ ቀያሽ ከሥራ ሌላ ወዴት ይሄዳል? ይህም ሆኖ የምለካበትን ቦታ ከነኪሎ ሜትሩ እዘረዝርለታለሁ፤ እርሱ ግን ገና ስጀምር ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ጠይቆ መልሱን አለመስማቱ ከጥያቄው በላይ አበሸቀኝና በሦስተኛው ሳምንት «የተለየ ክትትል ይደረግብኛል» የሚል ማመልከቻ ለሳይት ቢሮው አስገባሁ።

ማመልከቻውን እንድትተረጉም የተሰጣት፣ ቻይና የተማረችው አስተርጓሚያችን ከሁሉ አስቀድማ እኔን አስጠራችኝ። «ወንድሜ፣ ሰውየው እኮ ሰላም እያለህ ነው» አለችኝ። እንደ ነገረችኝ፣ እኛ ቻይንኛ ስንጀምር የምንማረው «ኒ ሃው» በየቀኑ ለሚተያዩ ሰዎች ራቅ ያለ ሰላምታ ነው፤ የሚተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ቹ ናር አ?»፣ ማለትም «ወዴት ነው?» ይባባላሉ፤ መልሱም «ወጣ ልል ነው» ከማለት አያልፍም። ምግብ ሰዓት አካባቢ «በላህ?» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ «አልበላሁም» ብሎ ምክንያቱን መዘርዘር ጠያቂውን ግራ ያጋባዋል።

ማመልከቻዬን መልሼ ወሰድሁ፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኛም እኮ ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲለን «እዚሁ ነኝ፣ መጣሁ» ብለን እናልፋለን እንጂ ተመረመርን አንልም። ታዲያ ያስቆጣኝ ምን ነበር? ሳስበው፣ ነገሩ ያለው ግሡ ላይ ነው። የእኛ «ወዴት ነው?» መሄድን እንኳ ስለማይጠራ ልል ነው፤ የእነርሱም መጨረሻው ላይ ያለችው «አ» ጥያቄውን ታለዝበዋለች። ፎርማኑ ወደ አማርኛ ሲያመጣው ያቺ ማለዘቢያ ቀርታ ሙሉ ግሥ ገባና ዘበኛ በር ላይ የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ሆነ፤ በዚያ ላይ ጠያቂው አለቃ ነው፣ «እንደምን አደርህ» የሚል መንደርደሪያም የለውም። እርሱም በበኩሉ አስተርጓሚዋን «እነዚህ ሰዎች ቤተሰቤን የማያውቁት ሆነው ሳለ ደህና መሆኑን በየቀኑ ለምን ይጠይቁኛል?» ብሏት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ «እዚሁ ነኝ» እያልሁ ማለፍ ለመድሁ፤ እርሱም መልሱ ገብቶት ይስቅ ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ብዬው ስራመድ ግን ከኋላዬ መጥቶ የመሣሪያውን ማቆሚያ ያዘና «ወዴት ትሄዳለህ? ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ እየተራመደ የሚጠይቀው ሰው ያን ዕለት ቆሞ ነበር፣ መልሴንም ይጠብቅ ነበር። ቦታውን ከነኪሎ ሜትሩ ነገርሁት። ለካስ በዚያ በኩል ያለው ድንጋይ ረፋዱ ላይ በድማሚት ሊፈነዳ ኖሯል።