ላሊበላ በሁለት ሌንስ

ላሊበላ ስሄድ ከካሜራዬ ጋር የያዝኩት ሁለት ሌንስ ብቻ ነበር፤ አንዱ ሰፊ ቦታ የሚያስገባው 24 ሚሊሜትር፣ ሌላው አጉልቶ የሚያሳየው 85። ዙሙን አዲስ አበባ የተውኩት ሸክም ለማቅለል ብቻ አይደለም። ዙም የያዘ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ሌንሱን ያሽከረክራል እንጂ አይራመድም፤ እኔ ደግሞ መራመድ ፈልጌ ነበር። ስለ መንገዱና ስለ ሆቴሉ ብዙ ሰው ስለጻፈ በቀጥታ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ልሂድ።

ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ተነጥሎ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ነው። ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ስለተሠራ ጣሪያው ከጉድጓዱ አፍ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል። የብረት መጠለያ ስላልተሠራበት፣ ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች ዳር ለቆመ ሰው ወለል ብለው ይታያሉ።

አስጎብኚዬ ወጣት ዲያቆን ነው። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ እንዲቆምልኝ ለመንኩትና ከሁለት ሜትር ላይ በ24ቱ አነሳሁት። ከእግሩ እስከ ራሱ ገባ። ከዚያ ሌንሱን ቀይሬ በ85ቱ እሱን በዚያው መጠን ለማስገባት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ሰባት ሜትር ያህል መራቅ ነበረብኝ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስናያቸው ዲያቆኑ አልተለወጠም፤ ከኋላው ያለው ቤተ ክርስቲያን ግን በሁለተኛው ላይ ገዝፎ ትከሻው ላይ የተደገፈ ይመስላል።

ምክንያቱ ከባድ ሒሳብ አይፈልግም። የጣሪያው መካከል ከዲያቆኑ 12 ሜትር ይርቃል እንበል። መጀመሪያ እኔ ከእሱ 2 ሜትር፣ ከጣሪያው መካከል 14 ሜትር ላይ ነበርኩ። ወደ ኋላ ስሄድ ከእሱ 7፣ ከጣሪያው 19 ሜትር ራቅሁ። ከዲያቆኑ ያለኝ ርቀት ሦስት ተኩል እጥፍ ጨመረ፤ ሌንሱም ሦስት ተኩል እጥፍ ስለሚያጎላ ተጣፉና ሰውየው ባለበት መጠን ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ያለኝ ርቀት ግን የጨመረው በሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ሌንሱ እሱንም ያንኑ ሦስት ተኩል እጥፍ ስላጎላው፣ የርቀቱ ጭማሪ ተቀንሶም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ገዘፈ።

ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ሌንሱ ነው ያቀረበው» አለ። አይደለም፤ እግሬ ነው። ለማሳየት እዚያው ሰባት ሜትር ላይ ቆሜ 24ቱን መልሼ ገጠምኩና አነሳሁት። ዲያቆኑ ትንሽ ሆኖ መሐል ላይ ወጣ። ፎቶውን በካሜራው መስኮት ላይ እያጎላሁ ሰውየውን በ85ቱ ፎቶ ላይ ያለውን ያህል ሳደርሰው፣ እሱና ጣሪያው የነበራቸው መጠን ከ85ቱ ፎቶ ጋር አንድ ሆነ። ሌንሱ የሚወስነው ካለንበት ቦታ ከሚታየው ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚቆረጥ ነው፤ ነገሮች እርስ በርስ የሚኖራቸውን መጠን የሚወስነው የቆምንበት ቦታ ነው። እርግጥ እንዲህ ሲቆረጥ ፎቶው ካሉት 24 ሚሊዮን ነጥቦች ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ስለሚተርፉ ለትልቅ ህትመት አይሆንም።

ወደ ኋላ መሄዱ ግን ዋጋ አስከፍሎኛል። የጉድጓዱ ጥልቀት ጠፋ። ከዳሩ ሁለት ሜትር ላይ ስቆም ዓይኔ ወደ ታች አዘቅዝቆ ስለሚያይ፣ ማዶ ካለው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አምስት ሜትር የሚጠጋ ይታየኝ ነበር። ሰባት ሜትር ላይ ግን የጉድጓዱ አፍ ራሱ ይጋርዳል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ ግድግዳ ነው የሚቀረው። ቦታውን የማያውቅ ሰው ያንን ፎቶ ቢያይ ቤተ ክርስቲያኑን ሜዳ ላይ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጎ ሊያስበው ይችላል። ስለዚህ ለቤተ ጊዮርጊስ የእኔ ምርጫ ሰፊው ሌንስ ነው፤ ያውም ዳር ተጠግቶ። በዚያ ዳር አጥር ስለሌለ መጠጋቱ በጥንቃቄ ይሁን። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ወደ ኋላ የሚራመድ ጎብኚ ባየ ቁጥር ዲያቆኑ ይጮህ ነበር።

ታች ከወረዱ በኋላ ምርጫም የለም። ጀርባን ለቋጥኝ ሰጥቶ እንኳ 85ቱ የሚያስገባው አንድ መስኮት ነው። በ24ቱም ቢሆን ካሜራውን ወደ ላይ ካቀኑት ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ቀጥ አድርጌ ያዝኩትና ከላይ የቀረውን ለሰማይ ተውኩለት።

የሰው ፊት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቤተ ማርያም ደጃፍ ላይ መስቀላቸውን ወደ ፊት ዘርግተው የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ቄስ ነበሩ። መስቀሉን ተሳልሜ፣ «አባታችን፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ስላቸው ፈቀዱ። በ24ቱ ፊታቸውን ለመሙላት እስከ 40 ሳንቲሜትር መጠጋት ግድ ሆነ፤ እሳቸውም ሳይወዱ ወደ ኋላ ለጠጥ አሉ። ፎቶውን ሳሳያቸው ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህ የእኔ አፍንጫ አይደለም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት 12 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አፍንጫቸው ከሌንሱ 40 ሲርቅ ጆሯቸው 52 ላይ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 30 በመቶ ተጋንኖ ይወጣል፣ ጆሮዎቹም ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከፊታቸው 20 ሳንቲሜትር ወደ እኔ የዘረጉት መስቀል ደግሞ እጥፍ ሆኖ የፎቶውን ግማሽ ሸፈነው። በ85ቱ ያንኑ ያህል ለማስገባት ወደ 1.4 ሜትር ስሸሽ፣ የአፍንጫው ብልጫ ከ9 በመቶ በታች ወረደ፤ መስቀሉም ለእጃቸው የሚመጥን ሆነ። አንድ ሜትር ተኩል ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት ርቀት ነው። የምናውቀው የወዳጅ ፊት ከዚያ ርቀት ያየነው ስለሆነ እንደዚያ ሲወጣ «ራሱን ይመስላል» እንላለን። በስልክ ራሱን የሚያነሳ ሰው አፍንጫው አልጥምህ የሚለውም እጁ ከዚያ ስለሚያጥር ነው። እጅግ መራቅም የራሱ ችግር አለው፤ በጣም ረጅም ሌንስ ይዘው ከብዙ ሜትር ሲያነሱ ፊት ይሰፋል፣ ጆሮዎች ወደ ፊት ይመጣሉ፣ ጉንጭና አፍንጫ አንድ ገበታ ይሆናሉ።

በማግስቱ ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። እዚያ ላይ እግር ሥራ ይፈታል። ሸንተረሮቹ በኪሎ ሜትር ስለሚርቁ አምስት ሜትር ብጠጋ ወይም ብርቅ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ሥዕሉን ያዘጋጁት ተራሮቹ ራሳቸው ናቸው። የቀረልኝ መቁረጥ ብቻ ነበር። በ24ቱ ከእግራችን ሥር ያለው ድንጋይና ገደል ሰፊውን ቦታ ይዞ ተራሮቹ ቀጭን መስመር ሆኑ። በ85ቱ ድንጋዩም ገደሉም ወጡና ሸንተረሮቹ እርስ በርስ ተደራርበው ቀሩ፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው በርቀት እየበዛ የሚሄደው ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ነበር። እኔ የወደድኩት ይህንን ነው።

ዲያቆኑ አልተስማማም። ፎቶው ላይ አንድ ቆርቆሮ ቤት በጣቱ እያሳየ፣ «ይህ የአጎቴ ቤት ነው። እዚህ ሲያዩት ከተራራው ሥር የተለጠፈ ይመስላል። ከዚያ ተነስተን ተራራው ሥር ለመድረስ ግማሽ ቀን እንሄዳለን» አለኝ። ለእሱ የሚላክለት የ24ቱ እንዲሆን ጠየቀኝ፤ ገደሉ ያለበት።