«ን» ያለበት ቃል ሁሉ ተሳቢ አይደለም፦ ቆጥሬ የተሳሳትኩበት

የአማርኛን «ን» ከጽሑፍ ላይ ለመቁጠር የተነሳ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያነብ ብዙ ድካም ይቀርለታል። የእኔ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ተሳቢው «ን» የሚይዘው የታወቀ ስለሆነ ነው ወይስ ሕይወት ያለው ስለሆነ? ግስ መጨረሻ ላይ በሚመጣባቸው ቋንቋዎች መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በሂንዲ «አንድ ልጅ አየሁ» ሲባል ልጁ ማን እንደሆነ ባይታወቅም ሰው በመሆኑ ብቻ «ኮ» የሚለውን የተሳቢ ምልክት ብዙ ጊዜ ይይዛል። አማርኛ ውስጥ ግን «አንድ ልጅ አየሁ» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ጽሑፉን መሰብሰብና በዓረፍተ ነገር መክፈል ቀላል ነው። ቃላቱን ለማውጣት ይህ የፓይተን መስመር ይበቃል፦

```
re.findall(r'\w+ን[ምስማ]?\b', text)
```

በቅንፍ ያሉት ሦስት ፊደሎች ከሌሉ «ልጁንም»፣ «ልጁንስ»፣ «ልጁንማ» ያመልጣሉ። «ቀን»፣ «ሄድን»፣ «ቤታችን» ግን አብረው ይመጣሉና በእጅ መልቀም ግድ ነው። በተለይ «ቤታችንን» በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አንዱን «ን» ስለሚውጡት «ቤታችን ሸጥን» የሚል ስታገኙ ቸኩላችሁ ምልክት የለውም አትበሉ።

የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ለቆጠራው የተሰጠን መመሪያ «ን ያለበትን ቃል ተሳቢ ብላችሁ መዝግቡ፤ ከጎኑ ሰው፣ እንስሳ ወይም ዕቃ መሆኑን ጻፉ» ይላል። ትምህርት ቤትም «ን የተሳቢ ምልክት ነው» ተብለን ስላደግን አልተጠራጠርኩም። ሰንጠረዡ ሲሞላ «ን» የያዙት አብዛኞቹ ሰዎች ሆነው ወጡ፤ እኔም አማርኛ እንደ ሂንዲ ለሰው ያደላል ብዬ ደመደምኩ። ስህተት ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ይበቃ ነበር።

«የመምህሩን መጽሐፍ አነበብኩ።» «ን» ያለው መምህሩ ላይ ነው። የተነበበው ግን መጽሐፉ ነው። አማርኛ «ን»ን የሚሰቅለው ብዙውን ጊዜ በሐረጉ የመጀመሪያ ገላጭ ላይ ነው፤ «ትልቁን ቤት ሸጠ»፣ «የገዛሁትን ወንበር ሰበረ»፣ «ያንን ልጅ ጠራ»። የዕቃ ባለቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። ስለዚህ የአልማዝን ቤት፣ የመምህሩን መጽሐፍ፣ የሴትዮዋን ልብስ ሁሉ በ«ሰው» ረድፍ አስገብቼ ነበር። የቆጠርኩት ተሳቢዎችን ሳይሆን የዕቃ ባለቤቶችን ነው።

መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ወደ «ተ» ግስ መመለስ ነው። «የመምህሩ መጽሐፍ ተነበበ» ሲባል «ን»ው ይወድቃል፣ እውነተኛው ተሳቢም የሐረጉ የመጨረሻ ስም ሆኖ ይታያል። ያንን ስም ብቻ መዝግቡ። ይኸው ፈተና «ቀኑን ሙሉ ሠራ» የሚለውንም ያጠራል፤ «ቀኑ ሙሉ ተሠራ» ስለማይባል «ቀኑን» ተሳቢ አይደለም። ሐረጉ እንደ አንድ ስም ሲጠጥር ግን «ን» ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ «የዓለም ዋንጫን አነሳ» እንደሚባለው።

ሌላው መመሪያው ያልነገረን ነገር «ን» የሌላቸው ተሳቢዎችም መሰብሰብ እንዳለባቸው ነው። ምልክት ያለውን ብቻ ይዞ ምልክቱ ለምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። እኔ አሁን የምነሳው ከግሱ ነው፦ «ቀጠረ»፣ «ገዛ»፣ «አየ»፣ «ፈለገ» ያሉባቸውን ለእያንዳንዱ ሃምሳ ዓረፍተ ነገር አውጥቼ ከግሱ ወደ ኋላ አነባለሁ። ስሙ የታወቀ ነው አይደለም የሚለውንም «ን»ውን ሸፍኜ፣ ቀደም ያለውን ዓረፍተ ነገር አይቼ እወስናለሁ። «ን» ስላለው የታወቀ ነው ካላችሁ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከታችሁታል።

እንዲህ ሲስተካከል ሚዛኑ ወደ መታወቅ ያደላል። «ሞግዚት ቀጠሩ» ሰው ሆኖ «ን» የለውም፤ «ወንበሩን ጠገኑ» ዕቃ ሆኖ አለው፤ «ወንበሩ ጠገኑ» ቢባል ጆሮ አይቀበለውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተመልከቱ፦ አሳሪው ግዑዝ፣ ታሳሪው አውሬ፣ ግን አንበሳው ማንኛውም አንበሳ ስለሆነ «ን» አላስፈለገውም። ማን ማንን እንዳሰረ ቅደም ተከተሉና ትርጉሙ ይነግሩናል።

ይህ ማለት ሕይወት ያለው መሆን ምንም ቦታ የለውም ማለት አይደለም። «ማንን አየህ?» እንላለን፤ ስለ ዕቃ ስንጠይቅ ግን «ምን አየህ?» ይበቃል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ሲባልም የሚታወቅ ሰው የለም፤ ስለ ሰው ሁሉ ነው፤ «ን» ግን አለ። እነዚህን «የታወቀ» ከሚለው ረድፍ ውስጥ በግድ አታስገቡ፤ ለጠቅላላ አነጋገር የራሱን ረድፍ ክፈቱለት።